ፊት ለፊት

ወደ ሰርጉ ለሚወስደን ኮስትር ሹፌር መጀመሪያ የጻፍኩለት መልእክት ከሰርግ ካርዱ ይረዝም ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ እጁን ነክሮበታል። እናቴ «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ በለው» አለችኝ፤ ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። አክስቴ ደግሞ አንድ የተቆረጠ ዛፍ ካልተጠቀሰ ሰውየው አያገኘንም ብላ ድርቅ አለች። ሁሉንም ሰረዝኩና እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

«ወንድም፣ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ለም ሆቴል ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት።»

መልሱ «እሺ» ነበር። በአጻጻፌ ኮራሁ።

እሁድ 4 ሰዓት ላይ 19 ሰው ጥላውን ይዞ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ቆሟል። ደወልኩለት።

«ደርሻለሁ» አለ።

«የት?»

«ጣቢያው ፊት ለፊት።»

እውነቱን ነው። ጣቢያው ያለው መንገዱ መሃል ላይ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ፊት ለፊት አለው! ኮስትሩ ከሐዲዱ ማዶ፣ አፍንጫውን ወደ ሃያ ሁለት አዙሮ ቆሟል። እኛ ወደ መገናኛ በሚሄደው በኩል ነን። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚያ መንገድ ላይ ደስ ባለህ ቦታ አትዞርም፤ ሐዲዱ ታጥሯል። ሹፌሩ ሃያ ሁለት ድረስ ሄዶ እስኪዞር ጠበቅን። አክስቴ ዛፉ ቢጠቀስ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ለ18ቱም ሰው አስረዳች።

መኪናው ውስጥ ሆኜ መልእክቱን በልቤ እንደገና ጻፍኩት፦ «ለም ሆቴል ባቡር ጣቢያ፣ ወደ መገናኛ በሚሄደው በኩል፣ በቀኝ ጥግ።» ለካ ለሹፌር ከቦታው ስም በላይ የሚጠቅመው መኪናው ወዴት ዞሮ እንደሚቆም ነው። ሕንፃ ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ መገናኛ ግን የትም አትሄድም።

መንገዱንም ያኔ ነገርኩት። ሰርጉ ቦሌ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ነው። እሱ በሃያ ሁለት፣ በአትላስ፣ በቦሌ መድኃኔዓለም ሊያቋርጥ አስቦ ነበር። በካርታ ሲያዩት አጭር ነው። ግን የጥር እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ምእመን አለ፣ ቪዲዮ ቀራጩን አስቀድሞ መንገዱን ሞልቶ የሚያዘግመው አጃቢ አለ። ከአንድ ሙሽራ ኋላ ከገባህ ሳትጠራ አጃቢ ሆነህ ትቀራለህ። ስለዚህ ከመገናኛ በቀለበት መንገድ፣ በኢምፔሪያል አድርገን ወረድን።

ቀለበት መንገድ ፈጣን ነው፣ ይቅር ባይ ግን አይደለም። ወደ ቦሌ አደባባይ ለመውጣት አስቀድመህ ቀኝህን ካልያዝክ፣ አዳራሹን በመስኮት ተሰናብተህ ወደ ቦሌ ሚካኤል ትነዳለህ። «ቀኝ! ቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴም ጮኸች፤ እሷ ግን «ግራ!» ነው ያለችው። ደግነቱ ሹፌሩ እኔን ሰማ።

በሩ ላይ አውርዶን «መመለሻ የት ልቁም?» አለኝ።

«እዚሁ ካወረድከን ቦታ።»

ትንሽ አሰበና፣ «አዳራሹ ፊት ለፊት?» አለ።