አምስት ደስጣ ወረቀት በብጣሽ

የትምህርት ክፍል ተጠሪ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጠመኔ ያልቃል፣ ሞዴል 20 ይሞላል፣ የሚያጸድቀው ሰው ግን ቢሮው ውስጥ የለም። «ስብሰባ ሄደዋል» ይባላል። ወረዳ ይሁን ዞን፣ ደባርቅ ይሁን ጎንደር፣ ክፍል ገብቶ ለቆመው መምህር ልዩነት የለውም። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ይታያል። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ቁልፉን በእጇ ይዛ «መምህር፣ ያለ ፊርማ ብሰጥዎት ዕዳው የኔ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። እሷን መውቀስ አልችልም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ በዚያ ብርዳማ ደጋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የምሠራው። የሥራ ባልደረቦቼም፣ ከተማ ውስጥ በየቢሮው ያሉ ወዳጆቼም የሚሉት አንድ ነው፤ ደክሞናል። የደከመን ግን ቁጥጥር ስላለ አይደለም። ወረቀትና ቀለም ያለ ቁጥጥር ቢተው ከመንፈቅ ዓመቱ እኩሌታ እንደማይሻገር እናውቃለን። ያደከመን ቁጥጥሩ ከነመሣሪያው ተቀምጦ ሳለ ሁሉም ነገር አንዲት ፊርማ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

መሣሪያው እኮ ጥሩ ነው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል። ፈላጊው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ግምጃ ቤቱ በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ተረካቢውን ያስፈርማል። ሞዴል 22 ተከታታይ ቁጥር ያለው ጥራዝ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ተቀዶ አይጣልም፤ ተሰርዞ ከነኮፒው እዚያው ይቀራል። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለውን የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ትሞላዋለች። ሌላ ሰው በሌላ ክፍል ተቀምጦ ያንኑ እንቅስቃሴ ስቶክ ካርድ ላይ ይመዘግባል። ሁለቱ ካርዶች በሁለት ሰው እጅ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ አዲስ ነገር ፍጠሩልን ያለ የለም።

የሚሆነውን በቁጥር ላሳይ። ሰኔ ነው እንበል፣ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ደርሷል። በአንድ የክፍል ደረጃ 300 ተማሪዎች አሉ። አንዱ ፈተና አራት ገጽ ነው፣ በሁለት በኩል ሲታተም ሁለት ቅጠል ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ትምህርት 600 ቅጠል፣ ለአሥር ትምህርት 6,000 ቅጠል ያስፈልጋል። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ስለሆነ 12 ደስጣ መሆኑ ነው። ማባዣው የሚበላው አይታጣምና አንድ ይጨመርና 13 ተብሎ ይጠየቃል። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ከሞዴል 20 ጀርባ በእርሳስ ሊጻፍ ይችላል።

ኃላፊው «ቁጠቡ» ይሉና «የተፈቀደ» በሚለው ዓምድ 8 ይጽፋሉ። ለምን 8? ምክንያት አይጻፍም። ቢን ካርዱን አላዩትም፤ ቢያዩት መደርደሪያው ላይ 21 ደስጣ እንዳለ ይገባቸው ነበር። የተማሪውን ቁጥርም አልጠየቁም። ሲፈርሙ አንድ ነገር መቀነስ እንዳለባቸው ስለሚሰማቸው ብቻ ቀነሱ። በሞዴል 22 ስምንት ወጣ፣ ካርዱ ላይ 13 ቀረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው።

ስምንቱ ደስጣ 4,000 ቅጠል ነው። ስድስት ትምህርት ታትሞ ሰባተኛው መሐል ላይ ወረቀት ያልቃል። ተማሪዎቹ ነገ ጠዋት ይፈተናሉ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ምክትላቸውም ውክልና በጽሑፍ ስላልተሰጣቸው «እኔ አልፈርምም» ይላሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ያኔ መምህሩ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይለምናል፣ ሠራተኛዋም ልቧ ይራራና ትሰጣለች። በደብተር ቅጠል ብጣሽ ላይ «5 ደስጣ ወረቀት ወስጃለሁ» ተብሎ ይፈረማል። ብጣሿ የሞዴል 22 ጥራዝ ውስጥ ትሰካለች። መደርደሪያው ላይ የቀረው 8 ነው፤ ካርዱ ግን አሁንም 13 ይላል።

ኃላፊው ሲመለሱ «ስምንት ፈቅጄ አልነበረም እንዴ? ይህ አምስት ከየት መጣ?» ይላሉ። ለነገ ይደር ይባላል። ፈተናው ያልቃል፣ እርማቱ ያልቃል፣ መምህሩ ክረምቱን ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ቆጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ካርድ 13፣ መደርደሪያ 8። ብጣሿ ከተገኘች ክርክር አለ፤ ካልተገኘች ጉድለቱ የሚጻፈው በግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ስም ነው። ወረቀቱን የበላው ፈተናው መሆኑን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ሰነዱ ግን አያውቅም። ዕውቀታችን ደግሞ ለሂሳብ ማስረጃ አይሆንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ደመወዟ ከሁላችንም ያነሰ ሴት ለእኛ ስትራራ ዕዳ ተሸካሚ ትሆናለች።

አንዳንዱ ይህን ለመሸፈን ወደ ኋላ ተመልሶ ሞዴል 22 ይሞላል። ጥሩ ኦዲተር ግን ይህን ወዲያው ያውቀዋል። የጥራዙ ቁጥር ወደ ፊት እየሄደ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማለትም ሰኔ 20 ከተጻፈው በኋላ ያለው ቁጥር ሰኔ 12 ከሆነ፣ ሰነዱ የተሠራው ዕቃው ከወጣ በኋላ ነው። የሦስት ሳምንት ወጪ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው ከተገኘም እንዲሁ። ሌላም ምልክት አለ። የተጠየቀው፣ የተፈቀደውና የወጣው ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ምንጊዜም እኩል ከሆነ የሚያጸድቀው ሰው አያይም ማለት ነው። ምንጊዜም በሁለት ወይም በሦስት እያነሰ የሚሄድ ከሆነም አያይም። ያየ ሰው አንዳንዱን እንዳለ ያሳልፋል፣ አንዳንዱን ይቀንሳል፣ አንዳንዱንም «ባለፈው ሳምንት የወሰዳችሁት የት ደረሰ?» ብሎ ይመልሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አሠራር እኛን መምህራንን ያስተማረን ጠባይ ነው። ፊርማ ማግኘት ከባድ ሲሆን ሰው ፊርማ ባገኘ ቀን የቻለውን ያህል ይወስዳል። ሁለት ፓኬት ጠመኔ የሚበቃው አምስት ይጠይቃል፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ማን እንደሚፈርምለት አያውቅም። እንደሚቀነስበት ስለሚያውቅም አስቀድሞ ይጨምራል። ኃላፊውም እንደሚጨመር ስለሚያውቁ ይቀንሳሉ። በዚህ መሐል እውነተኛው ፍጆታ የትም አይጻፍም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ የትምህርት ክፍሎች ቁም ሣጥን ግን በጠመኔ፣ በማርከርና በቀይ እስክሪብቶ የተሞላ ነው። ሰነዱ «ወጥቷል» ስለሚል ያ ሁሉ ዕቃ እንዳለቀ ይቆጠራል። የሚቀጥለው ዓመት የግዥ ዕቅድ የሚሠራውም በዚያ ቁጥር ነው። ተደብቆ የተቀመጠው እንደገና ይገዛል፤ በእርግጥ ያለቀው የማባዣ ቀለም ግን አይገዛም። ግዥው በወረዳው ፑል በኩል አልፎ፣ ዕቃው ከጎንደር ተጭኖ እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ እኛ እናውቀዋለን።

በቁም ሣጥን የተደበቀው ደግሞ ይበላሻል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ መስኮት ገብቶ በሚያድርበት በእኛ አገር፣ የተከፈተ የወረቀት እሽግ እርጥበት ይስባል። በመስከረም ማባዣው ውስጥ ሲገባ ሁለት ሦስቱ ተጣብቆ ይሄዳል፣ ይጨማደዳል፣ ማሽኑን ይቆልፋል። ጠመኔውም ይረጥብና ሰሌዳው ላይ አልጽፍ ይላል። ግምጃ ቤቱ ውስጥም ቢሆን አዲሱ ከፊት ተደርድሮ አሮጌው ከኋላ ግድግዳ ሥር ይቀራል፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ መውጣት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፣ የሚያገላብጠው ግን የለም።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ኃላፊው ሲወጡ የሚፈርመው ሰው በደብዳቤ ይታወቅ፤ እስከ ስንት ድረስ ማጽደቅ እንደሚችልም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ለጠመኔና ለዳስተር በክፍል ብዛት የሚሰላ ወርኃዊ መጠን ይወሰን፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው በተወሰነ ቀን በሞዴል 22 ይውጣ እንጂ በየጊዜው የኃላፊ በር አይንኳኳበት። ብዙ ገንዘብ ያለበት ወረቀትና ቀለም ላይ ግን ይጥበቅ፤ ሲጠየቅ ስሌቱ አብሮ ይቅረብ፣ ኃላፊውም ከመፈረማቸው በፊት የቢን ካርዱን ቀሪ ይዩ፣ ሲቀንሱም ለምን እንደቀነሱ አንድ መስመር ይጻፉ። ቶነር የሚፈልግ ባዶውን ካርትሪጅ ይዞ ይምጣ። በቁም ሣጥን ያለው ትርፍም ያለ ወቀሳ ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ በሰነድ ገቢ ይሁን። «የት ደብቀኸው ነበር?» የሚል ጥያቄ ካለ ማንም አያወጣውም።

ፊርማ ያለ ዓይን ዋጋ የለውም የምትሉ ኃላፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አብሬያችሁም ሠርቻለሁ። ለእናንተም ለሌሎቹም የምለው አንድ ነው፤ የውክልናውን ደብዳቤ ከሰኔ በፊት፣ በግንቦት ጻፉልን። የግምጃ ቤት ሠራተኞቻችንም በብጣሽ ወረቀት አያስፈርሙን፤ ብንለምናቸውም እንቢ ይበሉን።