ልቡን ለመንገደኛ የሚያድል ባል

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤት ሙሉ የምትፈልጉ፣ ኑ አብረን እንማረር። ድሮ ሽማግሌ የሚጠራው ለወግ ነበር፤ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ፣ ጥሎሽ ሲጓደል። ዛሬ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ የምጠራው ለላይክ ነው። ለላይክ!

ሰሞኑን ጎረቤቶቼ፣ ገና በቅርቡ የተጋቡ ልጆች፣ ተኮራርፈው ለሽምግልና ተቀመጥን። «ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ብላት፣ «አባባ፣ ልብ ሰጣት» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካስ የሰጠው ቀዩን፣ የስልኩን ልብ ነው፤ ለድሮ የክፍል ጓደኛው ፎቶ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2009 ላይክን ሲያመጣ አውራ ጣት ብቻ ነበረች። አውራ ጣት ጨዋ ናት፣ ማንንም አታፋታም። በ2016 ግን ልብ፣ ሳቅና እንባ ጨመሩባት፤ ከዚያ ወዲህ ጎጆ ሰላም የለውም።

ነገሩ በልብ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባል ለሥራ መስክ ወጥቶ ሳለ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ደህና እደሪ» ይላታል፤ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራሙ «ኦንላይን» ይላል። ቴሌግራም ደግሞ ሰውዬው መግባቱን እንጂ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ወሬ ያንብብ እግር ኳስ ይይ፣ አይናገርም። የጎደለውን ልጅቷ ራሷ ሞላችው፤ ሌሊት የሚሞላ ነገር ደግሞ መልካም ሆኖ አያውቅም። ሲጣሉ እሱ ሆዬ ሰዓቱን ደበቀ። አሁን የምታየው «በቅርቡ» የሚል ብቻ ነው፤ ይህ «በቅርቡ» አንድ ደቂቃም፣ ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል። ገላውን ሲታጠብ ስልኩን በረበረች። ምን አገኘች? ምንም! «አባባ፣ ያሳበደኝ እሱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቴሌግራም መልእክትን ከሁለቱም ስልክ ይጠርጋል፣ ስለዚህ ንጹሕ ስልክ የንጹሕ ሰው ምስክር አይሆንም። ባዶ ሆኖ ካገኘችው ጠርጎታል፣ የሆነ ነገር ካገኘች ተገኘበት። በየትኛውም በኩል ማታ ተመልሳ ትፈትሻለች። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ፌስቡክ ቅናትን፣ ቅናትም ተመልሶ ፌስቡክ መጎርጎርን ሳያመጣ እንደማይቀር ጽፈዋል። እኔን ቢጠይቁኝ በአንድ ስኒ ቡና እነግራቸው ነበር።

«ግን የሚያቃጥልሽ የቱ ነው፣ ልቡ ነው ወይስ ሌላ?» ብዬ ያዝኳት። ዝም አለችና፣ «ለእሷ በኢንቦክስ አንቀጽ በአንቀጽ ይጽፋል፤ ለእኔ ‘እሺ’ ይላል» አለች። በሉ እንግዲህ! ሳምንት ሙሉ የተጣሉት በልብ፣ ቁስሉ ግን «እሺ» ላይ። ባልም ፊቱ ጠቆረ፤ ‘እሺ’ ሰው እንደሚያቆስል አያውቅም ነበር።

ፍርዴ አጭር ነበር። አደባባይ ላይ የወደቀውን ልብ ሁሉ ተዪው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ነውና። አንተ ግን ያቺ ስትጽፍልህ ለሚስትህ ሳትጠየቅ ንገራት፣ ከራት በኋላ አትመልስላት፣ ምንም አትጥረግ። ይለፍ ቃሉን አላስሰጠኋትም፤ ያ ስልክ ውስጥ የእሱ ብቻ ሳይሆን እህቱ ስለ ሕመሟ የጻፈችለትም አለ፤ የእሷ ገመና ምን አጠፋ? አንቺም ሲከነክንሽ በዚያው ቀን «ይህ አስከፋኝ» በይው፤ «ትወዳታለህ» ያልሽው እንደሆነ ሰውዬው መከላከል እንጂ መስማት አይችልም። ይህ ሁሉ ካልሠራና ከጀርባ ሌላ ነገር ካለ ደግሞ ችግሩ ስልክ አልነበረም፣ እኔም ከዘራዬን ይዤ ሌላ ቀን እመጣለሁ።

እህህ! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ መጠራጠር የት ነበር? ሚስቴ ወንዝ ስትወርድ አንድም ቀን አልተጠራጠርኳትም፤ ተራራው ላይ ቆሜ እስክትመለስ የማያት ለነፋሱ ነው። በደብዳቤ ጊዜም ገመና ይከበር ነበር፤ ለእሷ የመጣውን ቀድሜ በእንፋሎት የምከፍተው የፊደል ግድፈት እንዳያሳፍራት ብዬ ነው። ዛሬ ግን መተማመን የሚባል ጠፍቷል።

ደግነቱ እኔ ከዚህ ጣጣ ወጥቻለሁ። የልጅ ልጄ በጽጌረዳ ፎቶ ሌላ አካውንት ከፍቶልኛል፤ ባለቤቴ የእድር ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ለማወቅ እንጂ ለክፉ አይደለም፣ ለዓይኗ አስቤላት ነው። ትናንት «አንተ ጽጌረዳ፣ ማን ነህ?» ብላ ጻፈችልኝ። አነበብኩና ዝም አልኳት፤ ሁለቱን ራይት አይታ ሌሊቱን ሳሎን ስትንጎራደድ አደረች። ምን ሆና ነው ግን?