የዘጠና ሰከንዱ ንግግር

ርዕሰ መምህራችን ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በቴሌግራም የሚለቀቅ የዘጠና ሰከንድ የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ እንሥራ አሉና ጽሑፉን እኔ ላይ ጣሉት። የአማርኛ መምህር ዕጣው ይህ ነው፤ የሠርግ መጥሪያም፣ የስንብት ንግግርም፣ የሽንት ቤት ማስታወቂያም ወደ እሱ ነው የሚመጣው።

መነሻ ይሁንህ ብለው የራሳቸውን ረቂቅ ሰጡኝ። «ክቡራን የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን...» እያለ ይወርዳል። ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሳነበው ሰላምታው ብቻ 40 ሰከንድ በላ። እሳቸው ረጋ ብለው ሲያነቡ በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ያለን ሀብት 150 ቃል ነው። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ታክሲ ተሳፍራ ስልኳን የከፈተች እናት እስከዚያ ትጠብቃለች?

ቀኑን ወደ ላይ አመጣሁት፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ትምህርት ሰኞ የካቲት 2 ይጀመራል። ሰንደቅ ዓላማ ጠዋት 2 ሰዓት ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።» «ጠዋት» የምትለዋ አትነካም አልኩ። ልጆቻቸውን ከአያት ጋር ትተው ዱባይ የሚሠሩ ወላጆች አሉን፤ ባዶ 2:00 ብናሳያቸው ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ለአያትየዋ ሊደውሉ ይችላሉ።

ዋናው ትግል ግን ከግሱ ጋር ነበር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ረቂቁ ውስጥ «በመሆኑም» ብሎ የተነሣ ዓረፍተ ነገር ስድስት መስመር ተጉዞ ነው «እናሳስባለን» ላይ የሚያርፈው። ወረቀት ላይ ያምራል። ካሜራ ፊት ግን ርዕሰ መምህሩ ትንፋሽ አጥሯቸው አራተኛው መስመር ላይ ቆሙ፤ ምን እንደምናሳስብ ሳይታወቅ ቀረ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ፣ አንድ ግስ ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረ። ጽሑፉን በማርከር በትልልቁ ጽፈን ከስልኩ ካሜራ ልክ በላይ አንጠለጠልነው፤ ጉልበታቸው ላይ ሲይዙት ወላጅ የሚያየው ራሰ በራቸውን ነበርና።

ለተማሪዎቹም ድርሻቸውን ሰጠናቸው። «ጠንክራችሁ አጥኑ» የሚለውን አውጥቼ «የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና አለባችሁ፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት ነው» አልኩ። ማበረታቻው ቀርቶ ቀጠሮው ገባ።

ርዕሰ መምህሩ ቪዲዮውን አይተው፣ «ጥሩ ነው መምህር፤ ግን እኮ ማንንም ሳላከብር ጨረስኩ» አሉ። ክቡራኑ በሌላ ቪዲዮ ለብቻቸው እንዲቀረጹ ተስማማን። እስካሁን አልተቀረጹም።

ሥራዬን ከልብ የወደደው ዘበኛችን ነው። አርፍዶ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ በናትህ ክፈትልኝ!» ሲለው አይከራከርም፤ ስልኩን አውጥቶ በበሩ ፍርግርግ በኩል «በሩ ይዘጋል» የምትለዋን ያስደምጠዋል።