የጠዋቷ መልእክት የት ቀረች?

ስልክ ቁጥራችንን ወስደዋል። ካርድ ክፍል ስንገባ ጠየቁን፣ ሰጠን። ላቦራቶሪ ስንደርስ ጠየቁን፣ ሰጠን። የክፍያ መስኮቱ ላይ ደግሞ "ስልክ?" አሉን፣ አንድ አሃዝ እንዳይሳሳት ቀስ ብለን ደግመን ሰጠን። ለበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" የሚሉን በዚያው ቁጥር ነው። አዲስ ማሽን ማስገባታቸውን የሚያበስሩን በዚያው ቁጥር ነው። የቀጠሯችን ቀን ሲነጋ ግን ቁጥራችንን የሚያስታውሰው ሰው የለም።

የምንለምነው አንዲት መልእክት ነው። ዛሬ ቀጠሮ እንዳለን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንደምንገባ፣ መምጣት ካልቻልን ምን እንደምናደርግ የምትነግረን አጭር መልእክት። ሌላ አልጠየቅንም።

ቀጠሮው የተሰጠን ከሦስት ወር በፊት ነው፣ አንዳንዴም ከስድስት ወር በፊት። የተጻፈው መዳፍ በማትሞላ ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ከመታወቂያ ጋር ታጥፋ፣ በላብ ረጥባ፣ ጽሑፏ ደብዝዞ እንደምንም ቀኑ ደርሷል። አውጥተን ስናያት "10/02" ትላለች። ምን ማለት ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቅምት 10 ነው። ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር አትሞት ወርን ካስቀደመ ኦክቶበር 2 ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ይህ መስከረም 22 ላይ ይውላል። ቀንን ካስቀደመ ደግሞ ፌብሩዋሪ 10 ነው፣ የካቲት 3 ማለት ነው። አንድ ካርድ፣ ሦስት ቀን! መስከረም ላይ ብንሄድ "ገና ነዎት" እንባላለን፣ የካቲት ላይ ብንሄድ "አልፎዎታል" እንባላለን። ሁለቱንም የሚነግሩን ወረፋው ካለቀ በኋላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት የምትደርስ መልእክት ይህን ሁሉ "ዛሬ" በሚለው ቃል ትገላግለን ነበር። ዛሬ በእኛም ዛሬ ነው፣ በፈረንጁም ዛሬ ነው። የሳምንቱ ቀን ግን አብሮ ይጻፍ። ሌሊት ስልካችን ባትሪ ጨርሶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ መልእክቷ በማግስቱ ብትገባ፣ "ዛሬ" ብቻ የምትል ከሆነ በማግስቱ ታስኬደናለች። "ዛሬ ሮብ" ካለች ሐሙስ ላይ ሆነን እንዳለፈን እናውቃለን።

ሰዓቱስ! መልእክት የሚልኩት ጥቂቶቹም ሰዓቱ ላይ ያስቸግሩናል። አንዲት የሰፈራችን እናት "8:30" የሚል መልእክት ደረሳቸው። ስምንት ሰዓት ተኩል ብለው አነበቡ፤ ሌላ እንዴት ይነበባል? ጠዋት እንጀራቸውን ጋገሩ፣ ምሳ አቀረቡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቀትር በኋላ በሰዓቱ ደረሱ። ሲስተሙ የላከው በፈረንጅ ሰዓት ነበርና ቀጠሯቸው ጠዋት 2:30 ነበር። ስድስት ሰዓት ዘገዩ ተባሉ። ሐኪሙ ወጥተዋል፣ ካርዱ ተመልሷል፣ ሌላ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ። እኚህ እናት ምን አጠፉ? "ከጠዋቱ 2:30" ብሎ መጻፍ ሰዓቱን ለማንም ግልጽ ያደርገዋል። "ከጠዋቱ" የምትለው ቃል የምትወስደው የአራት ፊደል ቦታ ነው። አራት ፊደል ለሁለት ወር!

የፊደል ነገር ከተነሳ አይቀር እንቁጠር፤ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ሰበብ "አማርኛ አይበቃም" የሚል ነውና። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቦታ አለው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ወደ 70 ይወርዳል፣ ክፍተቱም ነጥቡም ተቆጥሮ። 71ኛው ሲጨመር መልእክቱ ለሁለት ይከፈልና እንደ ሁለት ይታሰባል፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይም ሁለተኛው ቁራጭ ቀድሞ ይገባል። እውነት ነው፣ ጠባብ ነው። ግን በጠባቡ ቦታ ምን ይጻፍበታል? "ውድ ደንበኛችን ስለመረጡን ከልብ እናመሰግናለን፤" ይጻፍበታል። ይህች ብቻ 30 ቦታ በላች፣ ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው? እኛ ደግሞ መች መረጥን? የላከን ጤና ጣቢያው ነው። ከምስጋናው በኋላ የተቋሙ ሙሉ ስም ይከተላል፣ ከስሙ በኋላ መፈክሩ ይከተላል፣ ክፍሉ የት እንደሆነ ሳይነገረን ቦታው ያልቃል።

እኛው ጻፍነው፣ ይኸው፦

"ዛሬ ሮብ ከጠዋቱ 2:30 ቀጠሮ አለዎት። ሕንፃ ለ 2ኛ ፎቅ ክፍል 14። ካልቻሉ 2 ወደ 0000 በነፃ ይላኩ።"

ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 69 ነው። በ0000 ፈንታ የተቋሙ አጭር ቁጥር ይግባ። የተቋሙ ስም በላኪው ቦታ ላይ ስለሚታይ ውስጡ መድገም አያስፈልግም። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ በሩ አለ፣ መሰረዣው አለ።

በሩን በሚመለከት ቅሬታችን የቆየ ነው። "ሆስፒታሉ ድረስ ይምጡ" ማለት ቦታ መናገር አይደለም። ግቢው ሰፊ ነው። ጥበቃው "ወደ ውስጥ ጠይቁ" ይላል፣ ውስጥ ያለችው "አዲሱ ሕንፃ ነው" ትላለች፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ "እሱማ ወደ አሮጌው ተመልሷል" ይባላል። ባለፈው የታየንበት ክፍል ዛሬ መጋዘን ሆኗል። በሦስት ወር ውስጥ ክፍል ይቀየራል፣ ፎቅ ይቀየራል፣ ተረኛ ይቀየራል፤ ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን አይቀየርም። ስለዚህ ቦታው የዛሬው ቦታ መሆን አለበት፣ መልእክቷ ስትዘጋጅ የተረጋገጠ። ደግሞም የክፍል ቁጥር ይጻፍ እንጂ የበሽታው ክፍል ስም አይጻፍ። ስልካችንን ልጅ ያነሳዋል፣ ባልደረባ ያየዋል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ያነበዋል። "ክፍል 14" ለእኛ ይበቃናል፣ ለሌላው ምንም አይናገርም።

የምትላክበት ሰዓትም አለ። "ጠዋት" ሲባል የቢሮ ሰዓት ሲገባ አይደለም። የ2:30 ቀጠሮ ያለው ሰው መልእክቷን 2 ሰዓት ላይ ቢያገኛት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ዳር ሰፈር የሚኖር ከሆነ ከቤት የወጣው ገና ሳይነጋ ነው። 12 ሰዓት ላይ ትላክ፤ ማንም ተቀምጦ መላክ የለበትም፣ ማታ ተዘጋጅታ በሰዓቷ እንድትወጣ ማድረግ ይቻላል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣውና በባዶ ሆድ ደም የሚሰጠው ግን በዋዜማው ሌላ መልእክት ያስፈልገዋል። ለስኳር ምርመራ ቢያንስ ስምንት ሰዓት መጾም ያለበት ሰው ፍርፍሩን ከበላ በኋላ "ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ" ቢባል ምን ያደርገው?

አሁን ደግሞ ቀጠሮ በስክሪን ሆኗል። ሐኪም በቪዲዮ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ። ሊንኩ ከሦስት ሳምንት በፊት ተልኳል፤ በላዩ ላይ የዕድር መልእክት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ተከምሯል። ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጣታችንን እያሻሸን ወደ ላይ እንፈልጋለን። ስናገኘው አራት ነጥቡ መጨረሻው ላይ ተጣብቋል፤ በአንዳንድ ስልክ ነጥቡ የአድራሻው አካል ሆኖ ይከፈትና "ገጹ የለም" ይለናል። ሊንክ ለብቻው መስመር ላይ ይቀመጥ፣ ከኋላው ምንም አይለጠፍበት። ቀጠሮው ከዋሽንግተን ሰው ጋር ከሆነ የሁለቱም ሰዓት ይጻፍ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፣ የእነሱ በማርች ወደ ፊት በኖቬምበር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ ስንቶቻችን ለብሰን ተዘጋጅተን ባዶ ስክሪን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠናል!

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን መሰረዙ ነው። ልጅ ታመመ እንበል፣ ለቅሶ ደረሰብን እንበል፣ መንገድ ተዘጋ እንበል። መቅረታችንን ለመናገር እንፈልጋለን። ቅንነቱ አለን! ለማን እንናገር? መልእክቱ የመጣው በተቋሙ ስም ነው፤ ከስም ብቻ የመጣ መልእክት መልስ አይቀበልም፣ ብንጽፍም አይሄድም። ስለዚህ ነው መልስ የሚላክበት ቁጥር ውስጡ ይጻፍ የምንለው። በስልክ እንዳንናገር መስመሩ ይጠራል ይጠራል፣ አይነሳም። ሲነሳ "ካርድ ክፍል ይደውሉ" ይባላል፣ ካርድ ክፍል የራሱ ስልክ የለውም። "በአካል መጥተው ያሰርዙ" የተባልንም አለን። መምጣት ከቻልን ለምን እንሰርዛለን?

"በነፃ" የምትለዋንም በከንቱ አላስገባናትም። ለአጭር ቁጥር መልስ ልከን ሳናውቅ ተመዝግበን፣ በየቀኑ ሂሳብ የተቆረጠብን ሰዎች ነን። ነፃ መሆኑ ካልተጻፈልን አንመልስም።

እኛ ሳንናገር ስንቀር ያ ሰዓት ባዶውን ይሄዳል። በዚያው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ያለ ቀጠሮ መጥተው "ሰው ከቀረ እናስገባችኋለን" የተባሉ ተደርድረዋል። ከሩቅ የመጡ አሉ፣ ሕፃን የታቀፉ አሉ። አስተናጋጇ ስም እየጠራች ታልፋለች፣ የእኛን ስም ሦስት ጊዜ ትጠራለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትጠራለች። አንድ "2" 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሷት ቢሆን ኖሮ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሴትዮ በጊዜ ታስገባቸው ነበር።

መልሱም "ቀጠሮዎ ተሰርዟል" ብሎ እንዳይቆም። እሱን የተቀበሉ ጎረቤቶቻችን ከወረፋው ወጥተው እንደ አዲስ ካርድ አውጡ ተብለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊሰርዝ አይደፍርም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ስንሰርዝ የሚቀጥለው ቀን አብሮ ይነገረን፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ።