እሑድ፣ መጋቢት 15

ኡካ ላይ አንድ ዕድር አለ እንበል። ስም አልሰጠውም፤ ብሰጠው ከመቱ እስከ ጎሬ ያሉ የዕድር ጸሐፊዎች በሙሉ «እኔን ነው» ብለው ይነሡብኛል። የዚህ ዕድር ጸሐፊ ሰኞ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ በቴሌግራም እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «የፊታችን እሑድ መጋቢት 15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ ስላለን ሁላችሁም እንድትገኙ።» እሑድ መጋቢት 15 የሚባል ቀን በዚያ ዓመት አልተፈጠረም። መጋቢት 15 ማክሰኞ ነው። ጸሐፊያችን ስልካቸውን ከፍተው እሑድን ሲፈልጉ ያገኙት የፈረንጆቹን ማርች 15 ነበር፤ እሱ በእኛ መጋቢት 6 ነው። ቁጥሩን ከባሕር ማዶ አመጡ፣ ወሩን ከአገር ቤት ወሰዱ፣ አዲስ ቀን ወለዱ። ጳጉሜን የጨመሩልን አባቶችም ይህን ያህል አልደፈሩም።

ስሕተቱን አልነቅፍም። ሁለት ዘመን አቆጣጠር በአንድ ኪስ ይዞ የሚዞር ሕዝብ አንዳንዴ ቢያምታታው አይፈረድበትም። እኔን የሚያስደምመኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥበብ ነው፤ ማስተካከያ የሚሉት።

መልእክቱ በወጣ በሰዓቱ አባላቱ በሦስት ተከፍለዋል። በዕለት የሚያምኑት «እሑድ» የሚለውን ይዘው ቀጥለዋል። በቁጥር የሚያምኑት «15» ብለው ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር ላይ ከብበውታል። የቀሩት «የፊታችን» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምተው፣ የፊታችን እሑድ ይሁን የሚቀጥለው ሳይለዩ ለጎረቤት አስተላልፈዋል። ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ አላዩም። ያዩት አንድ ነገር ነው፦ የዕድሩ ዳኛ መልእክታቸውን አንብበዋል። ስለዚህ ማስተካከያው ለማን እንደሚጻፍ ከወዲሁ ተወሰነ። ስብሰባው መቼ እንደሆነ ለማያውቀው አባል አይደለም፤ ጸሐፊው እንዳልተሳሳቱ ማወቅ ላለባቸው ዳኛ ነው።

በዚህ መንፈስ የመጀመሪያው እርምጃ ድምፅ የሌለው መሆን አለበት። ጸሐፊው መልእክታቸውን ነክተው 15ን ወደ 6 ቀየሩ። ቴሌግራም ላይ የተላከን መልእክት መለወጥ ቀላል ነው፤ ከታች ትንሽ ምልክት ከመታየቷ በቀር ማንም አይሰማም። ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው አለመሰማቱ ነው። አዲስ መልእክት ሲገባ ስልኩ ይጮኻል፤ አሮጌው ሲለወጥ ግን ዝም ይላል። ሰኞ ማታ ያነበበው አባል ጉዳዩን ጨርሷል፤ የዘጋውን በር ዳግም የሚያንኳኳለት የለም። በዚያ ላይ መልእክቱ ገና ሳይለወጥ መቱ ላሉ ዘመዶች ተገልብጧል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ ከሱቁ በር አጠገብ በእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። የጸሐፊው ጣት እነዚህ ዘንድ አትደርስም። እናም ማክሰኞ ጠዋት ቡና ላይ የተቀመጡ ሁለት አባላት ስልካቸውን አውጥተው ይከራከራሉ፤ አንዱ 6 ያሳያል፣ አንዱ 15 ያሳያል፣ ሁለቱም ከጸሐፊው የመጣ ነው። ክርክሩን የሚፈታ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃውን ራሳቸው ጸሐፊው በትሕትና አጥፍተውታል።

ግርግሩ ጆሯቸው ሲደርስ ጸሐፊያችን ወደ ሁለተኛው ደረጃ አደጉ። «ከላይ የተላለፈው መልእክት ይስተካከል» ብለው ጻፉ። በቃ። የትኛው መልእክት? ከላይ ያለው። ከላይ ግን በዚያ መካከል የሁለት ለቅሶ ማስታወቂያ፣ አንድ የጠፋ በግ፣ አሥራ ምናምን «አሜን» እና አንድ የእንኳን ደስ አላችሁ አበባ ገብቷል። አባላቱ ለቅሶው ነው የተስተካከለው ብለው ተስፋ አደረጉ።

ከዚህ በኋላ ምክትሉም ገቡ፤ ገንዘብ ያዡም ገቡ። ለመርዳት ነው። ምክትሉ «እሑድ ነው፣ ቀኑ ተሳስቶ ነው» አሉ። ገንዘብ ያዡ «15 ሳይሆን 6» አሉ። ከአዲስ አበባ አንድ የቀድሞ አባል፣ ስብሰባውን የማይካፈል ሰው፣ «13 ነው መሰለኝ» ሲል አስተዋፅዖ አደረገ። መጋቢት 13 ደግሞ በእውነትም እሑድ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎችን አሳመነ። አራት ሰው ሲያስተካክል አባሉ አራት ቀን ያገኛል፤ የሚመርጠውም የሚመቸውን ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ በረከት አለው። ከሱቁ በር አጠገብ የተለጠፈው ማስታወቂያ በሁለት ቋንቋ ነበር የወጣው። በኦሮምኛው «ዲልበታ ቢቶቴሳ 15» ተብሎ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት አንድ ወጣት እሱን አይቶ በወጉ አስተካከለ። አማርኛውን የሚያስተካክል ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ አሰበ። አማርኛውን የያዘውም እንደዚያው አሰበ። በአንድ አጥር የሚኖሩ ባልና ሚስት በየቋንቋቸው የተለያየ ቀን ያዙ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሳሳት እንኳ ሌላው ይገኛልና ይህንን እንደ ጥበቃ ልንቆጥረው እንችላለን።

ሐሙስ ጸሐፊው ቆረጡ፤ ቴሌግራም ለሌላቸው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያሳውቁ ተነሡ። የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት ብለው ጀመሩ። ለጤና ተመኙ። መጋቢት ዝናቡ የሚጀምርበት ወር በመሆኑ ለእርሻው መልካም ምኞታቸውን ገለጹ። በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠየቁ፤ ቴክኒኩ የትኛው እንደሆነ አልተገለጸም። ቀኑ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም «ቀደም ሲል እሑድ መጋቢት 15 ተብሎ የተገለጸው» ብሎ ጀመረ። አማርኛ በአጭር መልእክት ሲላክ አንዱ መልእክት የሚይዘው ክፍት ቦታውንም ጨምሮ 70 ፊደል ነው፤ ከዚያ ካለፈ እየተቆራረጠ ነው የሚጓዘው። ኔትወርኩ ደከም ባለበት ቡና ጫካ ውስጥ ያለ አባል የመጀመሪያዋ ቁራጭ ደርሳው ሌላው ሊዘገይበት ይችላል። እንዲህ ያለው አባል የተከበረ መሆኑን ዐወቀ፣ ጤና ተመኙለት። ስልኩ ፊት ላይ ብቻ ያነበበውም ከዚያ አላለፈም። እስከ ቀኑ የዘለቀው ትዕግሥተኛ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘው 15ን ነው፤ እንደገና፣ በጸሐፊው እጅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተረጋግጦ።

በዚህ ጉዳይ የምናፍረው እኛ ብቻ እንዳንሆን ሃዋይን ልጥቀስ። ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ልምምድ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ በስሕተት በነዋሪው ስልክ ሁሉ ገባ። ሐሰት መሆኑን የሚናገረው መልእክት በዚያው መንገድ የወጣው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። አገረ ገዥው ቶሎ ዐውቀው ነበር፤ ትዊተራቸውን ለመክፈት የይለፍ ቃላቸውን አላስታወሱም። ስሕተቱ የወጣበትን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማስተካከያው የሚወጣበትን ግን ማንም አስቀድሞ አላዘጋጀም። ያም ሆኖ በመጨረሻ የወጣችው ጽሑፍ አጭር ናት፤ ምንም አደጋ የለም፣ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው አለች። ሰው ለሞት ሲዘጋጅ ጤና መመኘት አልተገኘባትም። ባህል የላቸውም።

ጸሐፊያችን በምንም ቢሆን የማይሠሩትን ለታሪክ ያህል እዚህ ላስቀምጥ። ሰኞ ማታውኑ አሮጌውን ሳይነኩ አዲስ መልእክት ይጽፉ ነበር፦ «የዕድሩ ስብሰባ እሑድ መጋቢት 6 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 15 ያልነው ስህተት ነው። ጸሐፊው» ሲቆጠር 60 ፊደል አይሞላም፤ በአንድ አጭር መልእክት ይገባል፤ ትክክለኛው ቀን ፊት ነው፣ የተሳሳተው የተጠራው ለመሻር ብቻ ነው። ያንኑ ቃል፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ የመጀመሪያው በሄደበት መንገድ ሁሉ ይልኩት ነበር፤ ቴሌግራሙ ላይ ከላይ ሰክተው፣ የሱቁን ወረቀት ቀድደው፣ የዕድሩን ጥሩንባ ነፊ በየመንደሩ አዙረው። ምክትሉንና ገንዘብ ያዡን «ሌላ አትጻፉ፣ ይህችኑ ላኩ» ይሏቸው ነበር። ቅዳሜ ማታ አንዴ ይደግሙት ነበር።

ይህም ሆኖ ሳይደርሰው የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ ጉዳቱ ግን እንደ ስሕተቱ አቅጣጫ ይለያያል። የተሳሳተው ቀን ከእውነተኛው ቢቀድም ኖሮ አባሉ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘው ነበር፤ ተናድዶ ይመለሳል፣ በትክክለኛው ቀን ደግሞ ይመጣል። የእኛው ግን ዘግይቶ ነው የተሳሳተው። 15ን የያዘ ሰው በመጣበት ቀን ስብሰባው ካለፈ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ከማስተካከያ ይልቅ ስብሰባውን ወደ ፊት መግፋት ይቀላል፤ እሑድ መጋቢት 20 ቢባል 6 ብሎ የመጣውም፣ 13 ብሎ የመጣውም፣ ማክሰኞ የመጣውም በር ላይ በቆመ አንድ ሰው ይነገራቸዋል፤ ማንም አያመልጠውም። ይህን ለዳኛው ማቅረብ ግን ስሕተቱን ጮክ ብሎ መናገር ይጠይቃል። ስለዚህ አልተነሣም።

እሑድ መጋቢት 6 ስብሰባው ተካሄደ። ቁጥር አልሞላም ያለ ሰው ነበር፤ «ዝናብ ነው ያስቀራቸው» ተባለና ታለፈ። የዓመቱ መዋጮ እንዲጨምር ተወሰነ።

ማክሰኞ መጋቢት 15 ጠዋት ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት፣ ጃንጥላቸው ተጣጥፎ በክንዳቸው ተንጠልጥሎ፣ ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ለብሶ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ፤ ከመቱ በሚኒባስ የመጣ አንድ መምህርም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ደረሰ። መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ለአዛውንቱ «አባቴ፣ ይኸው 15 ይላል» አላቸው። አዛውንቱም «እኔማ ዐውቄ ነው የመጣሁት» አሉት።

በሳምንቱ የቅጣት ዝርዝር ወጣ። በጠቅላላ ጉባኤ ያልተገኘ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል፤ አራቱም ስማቸው አለበት። ጸሐፊው የሉበትም፤ እሑድ በሰዓታቸው ተገኝተዋልና። ቅሬታ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ማቅረብ ይችላል ተብሏል፤ ቀኑን ጸሐፊው በቴሌግራም ይገልጻሉ።