ጎራ ስላሉ እናመሰግናለን

ባዛር ገብቶ ኢሜይሉን መዝገብ ላይ ያሰፈረ ሁሉ ይህችን ደብዳቤ ያውቃታል። «ውድ ደንበኛችን፣ ጎራ ስላሉ ከልብ እናመሰግናለን። ወደፊትም አብረን እንደምንሠራ ተስፋ እናደርጋለን።» ከሥሯ ስልክ የሚያንቅ ካታሎግ ተያይዟል። እኔ ግን ጎራ አላልኩም! ቆሜ ስለ መፍተያ መኪና ጠይቄያለሁ፤ የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ስለሆነ ክሩ ይበጠስ ይሆን ብዬ። ሻጩ ልጅም «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብሎ ጽፏል። የጻፈበት ወረቀት የት ገባ?

ነገሩ አልለቅ አለኝ። አመሉን ከድሮ ደብዳቤያችን ወርሰነው ይሆን ብዬም ጠርጥሬ ነበር። መቼም ያ ደብዳቤ ገጹ በሰላምታ ያልቅና ዋናው ጉዳይ ጠርዝ ላይ ተጣቦ ይገባል፤ «በሬው ሞቷል፣ አታስብ» ተብሎ። ሆኖም ስሙን አላጠፋም። ለእትዬ እገሊት፣ ለአያ እገሌ፣ ጉልበቷን ለሚያማት አክስት እየተባለ ሁሉም በየስሙ፣ በየበሽታው ይጠየቃል። «ውድ ዘመዳችን» ብሎ ለመንደሩ በሙሉ አንድ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ቢገኝ ኖሮ ለቅሶ እንኳ የሚደርስለት አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ የአባቶቻችን አይደለም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አጎቴ ከመሐል ሜዳ ዝተትና ባናውን ይዞ አዲስ አበባ ባዛር ገብቶ ስለነበር ነው። ውጭ አገር የምትኖር፣ ለእንግዳ ማረፊያ ምንጣፍ የምትፈልግ ሴት ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላ ብዙ ጠየቀችው። ሱፉን አሸተተች፣ ስፌቱን ገልብጣ አየች። አያቷ ሞላሌ እንደነበሩና ልጅ ሳለች ባናቸው እግሯን ይበላት እንደነበር አጫወተችው። ማታ አጎቴ ያለበት ማኅበር ሒሳብ ያዥ መጣና «ያችን የምስጋና ጽሑፍ ለሁሉም በአንዴ እንላክና እንገላገል» አለ።

እንገላገል! ከማን ነው የምንገላገለው? ሰው አክብሮ ተቀምጦ ሲያበቃ፣ የተናገረውን አንዲት ነገር እንኳ አለማስታወስ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ንቀት ነው። «አልሰማሁሽም» የሚል ደብዳቤ በምስጋና ተጠቅልሎ ሲላክ ደግሞ ያው ንቀት ማኅተም ተመታበት ማለት ነው። ባይላክ ይሻላል። ቢያንስ ረስተዋል ትላለች።

ቡና ጠጥቼ ስበርድ አጎቴን ጠየቅሁት። እሱ የቢዝነስ ካርዷ ጀርባ ላይ እዚያው ሳለች ጽፏል፦ «ጥቁር፣ ቀለም ያልነካው። 2 ሜትር በ1 ከ50። ስፌቱ የት? ሲታጠብ?» ሌላ ምን እፈልጋለሁ? የኢሜይሉን ርእስ «ስለ 2 ሜትሩ ጥቁር ዝተት» አልኩት፤ «ምስጋና» ብለው በሌሎቹ ምስጋናዎች መሀል ይቀበራል። በመጀመሪያው መስመር ስለ ስፌቱ ጠይቃ ስለነበር እንዳመሰገናት ጻፍኩ። ቀጥዬም መልሱን፦ ሸማኔው የሚያወጣው ስፋት 75 ሳንቲ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ ስፌቱም መሀል ለመሀል ይወርዳል። ፎቶውን ከነሜትሩ አያያዝን፤ ካታሎግ የለም።

እጥበቱ ግን በአፍ የሚመለስ አልነበረም። አጎቴ 50 ሳንቲ ቁራጭ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አድርቆ ለካው፤ 47 ሆነ። ስለዚህ 2 ሜትር እንዲቀርላት 2 ሜትር ከ13 መሸመን አለበት። ይህንኑ ጻፍንላት፤ በሙቅ ውኃ እንዳታሸው ጭምር፤ ሱፍ በሙቀትና በማሸት እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠብቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈታው የለም። ዋጋ አልጻፍንም፤ ድንኳኑ ውስጥ ስላልተነሳ። የጠየቅናትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ናሙና በየት አድራሻ ይላክ?

ችግሩ ቀኑ ላይ መጣ። ሒሳብ ያዡ «በሐምሌ እናደርሳለን በል» ይለኛል። አጎቴ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ በክረምት መንዝ ጉም ውስጥ ሱፍ የሚያደርቅ ማነው? ጥቅምት በላት።» ጥቅምት አልን፤ የፈረንጁን ወር ጭምር ጽፈን፣ የክረምቱንም ምክንያት ነግረን። ገዢ ከመዘግየቱ ይልቅ በድንገቱ ነው የሚናደደው።

ልልከው ስል አጎቴ «እናቷንስ?» አለኝ። እናቷ ባዛሩ ላይ አልነበሩም። «የሞላሌዋ ሴትዮ ልጅ አይደሉም እንዴ? ሰላም በልልኝ።» ሒሳብ ያዡ የንግድ ደብዳቤ ነው አለ። እኔ ደግሞ አያቲቱ በጨዋታ ተነስተዋልና ከጉዳዩ ይገባሉ፣ እናቲቱ ግን አልተነሱም ብዬ መሟገት ጀመርኩ። አጎቴ ከሁለታችንም አልተቀበለም፤ አያቲቱን ጠርቶ እናቲቱን መዝለል ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ይለናል። ሙግቱ ወደ አክስቶቿ ሊያልፍ ሲል ሒሳብ ያዡ የበግ ዋጋ አነሳ፤ በሱ ደግሞ ማን ከማን ይስማማል።