ሦስት ቀን ብቻ ቀረው

የደመራው አመድ ከተጠረገ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የልብስ ሱቁ መልእክት ግን ከስልኬ አልወጣም። «የበዓል ማግስት ታላቅ ቅናሽ! 4,500 የነበረው የሐበሻ ቀሚስ 3,200 ብር! 3 ቀን ብቻ ቀረው!»

ቀሚሷን አውቃታለሁ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ 3,000 ብር ብለውኝ፣ ተከራክሬ ተከራክሬ ትቻት ወጥቻለሁ። ለካ እኔ ከወጣሁ በኋላ ተወድዳ ኖሯል የረከሰችው! ሦስቱ ቀንም አላልቅ ብሏል፤ ሰኞም ሦስት፣ ሐሙስም ሦስት።

በባለሱቁ አልፈርድም። ያልተሸጠው ቀሚስ ገንዘቡን ይዞበት ተሰቅሏል፤ የእኛን ኪስ ደግሞ ትምህርት ቤት ቀድሞት ፈትሾታል። ለማንኛውም ብዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ የቀረችው ትንሿ ብቻ ናት። ለልጅዎ ትሆናለች።»

ልጄ ወንድ ነው።